ሁለት ቅናሾች ሲደራረቡ፦ የመቶኛዎች ድምር የመጨረሻውን ዋጋ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

በአንድ ዕቃ ላይ «25 በመቶ ቅናሽ፤ በተጨማሪም 20 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ አብዛኛው አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሮ 45 በመቶ የሚል ውጤት ይዞ ወደ መደብሩ ይገባል። ገንዘብ ተቀባዩ የሚያሰላው ግን 40 በመቶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ5 በመቶ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የገዢው የሒሳብ ድክመት ተደርጎ ይወሰዳል፤ አስተማሪውም ሆነ ነጋዴው «መደመር አይቻልም፣ ማባዛት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ጉድለት አለበት። ለምን ማባዛት እንደሚያስፈልግ አያስረዳም፤ መደመሩ ትክክል የሚሆንበት ውል ሊኖር እንደሚችልም አያመለክትም። የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ የስሕተቱ ምንጭ «በመቶ» የሚለው ቃል «የምን በመቶ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ መጻፉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቅናሽ የሚጽፍ ሰው ወይም ድርጅት ቅናሹ የሚሰላበትን መነሻና የመጨረሻውን ዋጋ አብሮ የመጻፍ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

የጋራው ክፍል

መነሻ ዋጋው 24,000 ብር የሆነ ሶፋ ይወሰድ። የመጀመሪያው 25 በመቶ ቅናሽ 6,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ወደ 18,000 ብር ይወርዳል። ሁለተኛው 20 በመቶ የሚሰላው በዚህ በቀነሰው ዋጋ ላይ ነው፤ የ18,000 ብር 20 በመቶ 3,600 ብር ሲሆን የመጨረሻው ዋጋ 14,400 ብር ይሆናል። ገዢው በጠቅላላው 9,600 ብር ተቀንሶለታል፤ ይህም ከ24,000 ብር 40 በመቶው ነው። ሁለቱን መቶኛዎች የደመረ ሰው ግን 10,800 ብር እንዲቀነስለትና 13,200 ብር ብቻ እንዲከፍል ይጠብቃል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት 1,200 ብር ነው።

ይህ 1,200 ብር ከየት መጣ? የ6,000 ብር 20 በመቶ 1,200 ብር ነው። በሌላ አነጋገር፣ የሚደምር ሰው ሁለተኛውን ቅናሽ የሚያሰላው በመጀመሪያው ቅናሽ ከዋጋው በወጣው ገንዘብ ላይ ጭምር ነው። ያ 6,000 ብር ግን ከእንግዲህ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም፤ ማንም ከማይከፍለው ገንዘብ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ሊቀነስ አይችልም። ድምሩ ከእውነተኛው ቅናሽ የሚበልጠው አንድን የገንዘብ ክፍል ሁለት ጊዜ ስለሚቆጥር ነው። የሚበልጥበትም መጠን የሁለቱ መቶኛዎች ብዜት ነው፤ የ25 በመቶ 20 በመቶ 5 በመቶ ይሆናል፣ ከ45 ላይ 5 ሲነሣም 40 ይቀራል። ቅናሾቹ a እና b በአስርዮሽ ቢጻፉ ነገሩ እንዲህ ይጠቃለላል፦

```
(1 − a)(1 − b) = 1 − (a + b − ab)
```

በግራ በኩል ያለው ከሁለቱ ቅናሾች በኋላ የሚቀረው የዋጋ ድርሻ ነው፤ በቀኝ በኩል በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ እውነተኛው ጠቅላላ ቅናሽ ነው። ab የተባለው ትንሽ ክፍል ነው ሁለት ጊዜ የተቆጠረው።

የዚህ ክፍል ትንሽነትና ትልቅነት ስሕተቱ መቼ ችላ ሊባል እንደሚችልም ያሳያል። 3 በመቶና 2 በመቶ ሲደራረቡ የጋራው ክፍል 0.06 በመቶ ብቻ ነው፤ በሺህ ብር ዕቃ ላይ 60 ሳንቲም ማለት ነው። የሚደምር ሰው እዚህ ላይ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ምናልባትም መደመር የሚያስተማምን ሆኖ የሚታየው በእንዲህ ያሉ ትናንሽ መቶኛዎች ስለተለማመደ ነው። 50 በመቶና 50 በመቶ ሲደራረቡ ግን የጋራው ክፍል 25 በመቶ ይደርሳል፤ ድምሩ ዕቃው በነጻ እንደሚሰጥ ሲናገር ገዢው በእውነት የዋጋውን ሩብ ይከፍላል። 60 በመቶና 50 በመቶ ከሆነ ደግሞ ድምሩ 110 በመቶ ስለሚሆን ነጋዴው ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘብም መመረቅ ይኖርበታል። ማንም ተማሪ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የመደመርን ዘዴ ሲጠራጠር ይህን የመጨረሻ ምሳሌ ቢፈትሽ ዘዴው እንደማይሠራ ወዲያው ይረዳል፤ ተከታታይ ቅናሾች የቱንም ያህል ቢበዙ፣ እያንዳንዳቸው ከመቶ በታች እስከሆኑ ድረስ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ዜሮ ሊያደርጉት አይችሉም።

ሁለት ፕሮፎርማዎች

በሶፋ ግዥ ላይ ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤት ግዥ ላይ ግን ማን ያሸንፋል የሚለውን ጥያቄ ሊወስን ይችላል። አንድ የግዥ ኮሚቴ መነሻ ዋጋቸው እኩል 500,000 ብር የሆነ ሁለት ፕሮፎርማዎች ቀርበውለታል እንበል። የመጀመሪያው አቅራቢ አንድ ቅናሽ ብቻ፣ ማለትም 30 በመቶ ሰጥቷል። ሁለተኛው አቅራቢ በብዛት ለሚገዛ 20 በመቶ፣ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ለሚፈጽም ደግሞ ተጨማሪ 12 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፏል። ኮሚቴው ሁለቱንም የሁለተኛው አቅራቢ ሁኔታዎች ያሟላል።

አንድ የኮሚቴ አባል መቶኛዎቹን ደምሮ 32 ከ30 ይበልጣል በማለት ሁለተኛውን አቅራቢ ይመርጣል። ስሌቱ በተራ ሲሠራ ግን 500,000 ብር ከ20 በመቶ በኋላ 400,000 ብር ይሆናል፤ የ400,000 ብር 12 በመቶ 48,000 ብር ስለሆነ የሚከፈለው 352,000 ብር ነው። የመጀመሪያው አቅራቢ ዋጋ 350,000 ብር ነው። ስለዚህ በመቶኛ ድምር ያሸነፈው አቅራቢ በእውነተኛው ዋጋ በ2,000 ብር ተሸንፏል። የሁለተኛው አቅራቢ እውነተኛ ቅናሽ 29.6 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ ስሕተቱ የሚያስከትለው የተሳሳተ ግምት ብቻ አይደለም፤ ደረጃውን ገልብጦታል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ቀጥሎ ይመጣል። ሁለተኛው አቅራቢ ተጠርቶ «ሁለቱንም ቅናሾች ያሰላኋቸው ከመነሻው ዋጋ ነው» ቢል ምን ይሆናል? የ500,000 ብር 20 በመቶ 100,000፣ የ500,000 ብር 12 በመቶ 60,000 ብር ነው፤ ሁለቱ ሲቀነሱ የሚከፈለው 340,000 ብር ይሆናል። በዚህ ንባብ ሁለተኛው አቅራቢ በ10,000 ብር ያሸንፋል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው 12,000 ብር፣ በሶፋው ምሳሌ እንደታየው ሁሉ፣ በመጀመሪያው ቅናሽ የወጣው የ100,000 ብር 12 በመቶ ነው።

ይህ ምሳሌ መደመር ሁልጊዜ ስሕተት ነው የሚለውን አባባል ያርመዋል። ሁለቱም ቅናሾች ከመነሻው ዋጋ እንዲሰሉ ተዋዋዮቹ ከተስማሙ መደመሩ ትክክለኛው ስሌት ነው፤ እንዲህ ያለ ስምምነትም ከሒሳብ ጋር አይጋጭም። ስለዚህ ሒሳብ ብቻውን ሁለተኛውን ፕሮፎርማ ሊያነብበው አይችልም። «ተጨማሪ 12 በመቶ» የሚለው ሐረግ በተለመደው የንግድ አነጋገር አስቀድሞ በቀነሰው ዋጋ ላይ የሚሰላ ቅናሽን ያመለክታል፤ ነገር ግን ልማድ የተጻፈ ቃል አይደለም። መነሻው ሳይጻፍ ሲቀር አንዱ ወረቀት ሁለት ዋጋ ይይዛል፤ ፖስታው ከተከፈተና የተወዳዳሪው ዋጋ ከታወቀ በኋላ ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱን የመምረጥ ዕድል ደግሞ ለአቅራቢው ወይም ለኮሚቴው ይቀራል። ከሁለቱ ለማንኛቸውም ቢሆን እንዲህ ያለ ዕድል ሊሰጥ አይገባም። በዚህም ምክንያት የዋጋ ማቅረቢያ ቅጾች ለቅናሽ መቶኛ አንድ ባዶ ቦታ ከመስጠት ይልቅ «የመጨረሻ ዋጋ በብር» የሚል ቦታ እንዲኖራቸውና ውድድሩ በዚያ ቁጥር ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ከማንኛውም የስሌት ሥልጠና የበለጠ ያዋጣል።

ቅደም ተከተል የሚለውጠውና የማይለውጠው

ስለ ተደራራቢ ቅናሽ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሌላ ክርክር «የትኛው ይቅደም?» የሚል ነው። ሁለቱም ቅናሾች በመቶኛ ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም። በሶፋው ላይ 20 በመቶው ቢቀድም 24,000 ብር ወደ 19,200 ብር ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ 25 በመቶ፣ ማለትም 4,800 ብር ሲቀነስ እንደገና 14,400 ብር ይመጣል። ብዜት ተራ ስለማይመርጥ 0.75 በ0.80 ቢባዛም 0.80 በ0.75 ቢባዛም ውጤቱ 0.60 ነው። በየደረጃው ሳንቲም ካልተጠጋጋ በስተቀር የሚከፈለው አንድ ነው። ስለሆነም «ትልቁን ቅናሽ መጀመሪያ ይቁረጡልኝ» ብሎ የሚከራከር ገዢ የሚያተርፈው ነገር የለም።

አንደኛው ቅናሽ በመቶኛ፣ ሌላው በተወሰነ ብር ሲሆን ግን ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ለዚያው ሶፋ 25 በመቶ ቅናሽና የ2,000 ብር ኩፖን ቢኖር፣ ኩፖኑ ከቀደመ 22,000 ብር በ0.75 ተባዝቶ 16,500 ብር ይከፈላል። መቶኛው ከቀደመ ግን 18,000 ብር ላይ 2,000 ብር ተቀንሶ 16,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 500 ብር ሲሆን ይህም የኩፖኑ 25 በመቶ ነው፤ ኩፖኑ ከመቶኛው በፊት ሲመጣ ኩፖኑ ራሱ ይቀነሳል። ለገዢው የሚሻለው መቶኛው ቀድሞ ኩፖኑ ሲከተል ነው። ደረሰኝ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር ይህን ቅደም ተከተል ያለ ማንም ውሳኔ በራሱ ይተገብረዋል፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የመረጠው ተራ የድርጅቱ ፖሊሲ ሆኖ ይቀራል።

የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም በዚሁ ሕግ ይመራል። ታክሱ በ1.15 ማባዛት ስለሆነ ከመቶኛ ቅናሽ በፊት ቢሰላም በኋላ ቢሰላም ገዢው የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ አይለወጥም፤ የሁለቱ ፕሮፎርማዎች ደረጃም ታክሱ ሲጨመርበት እንዳለ ይቆያል። የሚያሳስተው ግን «ታክሱን እኛ እንችላለን» በሚል ስሜት የሚሰጥ የ15 በመቶ ቅናሽ ነው። ታክስ ሳይጨመርበት 24,000 ብር የሆነው ሶፋ ከታክስ ጋር 27,600 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 15 በመቶ ሲቀነስ 23,460 ብር እንጂ 24,000 ብር አይመጣም። መጨመሩና መቀነሱ መቶኛቸው እኩል ቢሆንም መነሻቸው የተለያየ ነው። የ540 ብሩን ጉድለት የሚሸፍነው ሻጩ ነው፤ ይህም የመነሻ ስሕተት ገዢውን ብቻ የሚጎዳ አለመሆኑን ያሳያል።

የገዢው ኃላፊነት ብቻ ነውን?

ከዚህ አቋም በተቃራኒ ሊቀርብ የሚችል ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ 25 በመቶም 20 በመቶም በትክክል ተቀንሰዋል፤ የመቶኛ ሒሳብ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ስለሆነ ገዢው ራሱ ማስላት ይችላል፤ ነጋዴው የገዢውን አሳብ እንዲገምት ለምን ይጠየቃል? መከራከሪያው ክብደት ያለው ቢሆንም አንድ ማስረጃ ያዳክመዋል። ሀይፔንግ ቼንና አክሻይ ራኦ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 «ጆርናል ኦፍ ኮንሲዩመር ሪሰርች» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ተከታታይ የመቶኛ ለውጦችን እንደ ተራ ቁጥሮች የመደመር ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። በእውነተኛ መደብር ውስጥ ባደረጉት ሙከራም፣ በሁለት ተከፍሎ የቀረበ ቅናሽ ከእርሱ ጋር በዋጋ እኩል ከሆነ አንድ ቅናሽ ይልቅ ብዙ ገዢዎችን፣ የበለጠ ሽያጭና የበለጠ ትርፍ አስገኝቷል። ገዢዎች የሚከፍሉት ዋጋ በሁለቱም አቀራረብ እኩል ስለነበር ልዩነቱን የፈጠረው የአጻጻፉ ሁኔታ ነው።

ይህ ማስረጃ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ስሕተቱ በአጋጣሚ ወዲያና ወዲህ የሚበተን ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ነው፤ የሚደምር ገዢ ቅናሹን ሁልጊዜ አብልጦ እንጂ አሳንሶ አይገምትም። ሁለተኛ፣ ይህ ዝንባሌ ለሻጩ ገቢ ያስገኛል። ስለዚህ ነጋዴው የገዢውን ስሕተት እንዲያርም የሚገፋፋው የገበያ ጥቅም የለም፤ እንዲያውም አንዱን ቅናሽ ለሁለት እንዲከፍለው የሚገፋፋ ጥቅም አለው። ገበያው ራሱን በራሱ በማያርምበት ቦታ ደግሞ ደንብ ማውጣት ምክንያታዊ ይሆናል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። ሁለት መቶኛዎች ጎን ለጎን ተጽፈው የመጨረሻው ዋጋ ሲታጣ፣ መረጃው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በቂ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

የሚጠየቀው ማሻሻያ ከባድ አይደለም። ማስታወቂያው «25 በመቶ፤ ከቀሪው ላይ ደግሞ 20 በመቶ፤ የመጨረሻ ዋጋ 14,400 ብር» ቢል ነጋዴው ምንም አልከለከለም፤ ሁለቱን ቅናሾች ለይቶ የመጥራት ነጻነቱም አልተነካም። «ከቀሪው ላይ» የሚሉት ሁለት ቃላት መነሻውን ይናገራሉ፤ በብር የተጻፈው ዋጋ ደግሞ ለማስላት ጊዜ የሌለውን ገዢ ከግምት ያድናል። በእርግጥም 45 በመቶ ሊቀንስ የፈለገ ነጋዴ ካለ፣ ከመጀመሪያው 25 በመቶ በኋላ ሊጽፈው የሚገባው ሁለተኛ ቅናሽ 20 ሳይሆን 26.67 በመቶ ገደማ ነው፤ 18,000 ብርን ወደ 13,200 ብር የሚያወርደው ይህ መጠን ብቻ ነውና።

ለዋጋ አጥኚዎች

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ጉዳዩን የሚያገኙት በገዢነት ብቻ አይደለም። ከመደብሮች የዋጋ መረጃ የሚሰበስብ ተመራማሪ በመጠይቁ ላይ «የቅናሽ መጠን» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ካዘጋጀ፣ መረጃ ሰብሳቢው ተደራራቢ ቅናሽ ሲያጋጥመው ደምሮ ይሞላዋል ወይም አባዝቶ ይሞላዋል፤ ማን ምን እንዳደረገ በኋላ ማወቅ አይቻልም። ስሕተቱም ትልልቅ ቅናሽ ባለባቸው ዕቃዎች ላይ ስለሚከማች፣ ሽያጭ ለቅናሽ የሚሰጠውን ምላሽ ሲለካ ቅናሹ ከእውነቱ የገዘፈ ሆኖ ምላሹ ደካማ ይመስላል። ጥንቃቄው ቀላል ነው፦ መነሻውን ዋጋና የተከፈለውን ዋጋ በብር መመዝገብ፣ መቶኛውን ደግሞ ከሁለቱ ማስላት። የተከፈለው ዋጋ ከሌለና መቶኛዎቹ ብቻ ካሉ፣ እያንዳንዱ ወደ ቀሪ ድርሻ ተለውጦ በሎጋሪዝም ሊጻፍ ይችላል። የ0.75 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም −0.2877፣ የ0.80 ደግሞ −0.2231 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ −0.5108 ይሰጣሉ፣ ይህም የ0.60 ሎጋሪዝም ነው። ተከታታይ ቅናሾችን መደመር የፈለገ ሰው የሚደምርበት ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው።

በመደብር ማስታወቂያ፣ በፕሮፎርማም ሆነ በጥናት መረጃ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመቶኛው ቁጥር ቀጥሎ «የምን?» የሚለው መልስ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም። ከተጻፈ ማባዛቱም ሆነ መደመሩ ከቃሉ ይገኛል፤ ሁለት ሰዎችም ከአንድ ወረቀት ሁለት ዋጋ አያወጡም። ካልተጻፈ ግን በሁለተኛው ፕሮፎርማ ላይ እንደታየው፣ ሁሉም ስሌቱን በትክክል ሠርቶ እንኳ አንዱ 340,000፣ ሌላው 352,000 ብር ይዞ ይቀርባል። የግዥ ቅጾችንና የዋጋ ማስታወቂያዎችን የሚያዘጋጁ አካላት ሊደፍኑት የሚገባው ቀዳዳ ይህ ነው።